ልጄን ትራፊ ያሏት ሴት

ልጄ ሦስት ስም አላት። አንደኛው ትምህርት ቤት የምትጠራበት ነው። ሁለተኛው የክርስትና ስሟ ነው፤ እሱን ቄሱና እኛ እናውቀዋለን፣ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ አናነሳውም። ሦስተኛው የቤት ስሟ ነው። የምጽፈው ስለዚህኛው ነው። ያወጣሁላት እኔ አይደለሁም፣ አባቷም አይደለም። ያወጡላት የባሌ ታላቅ እህት ናቸው፤ ያወጡትም እኔን ለመውጋት ነው። ዓመታት አልፈዋል። ዛሬም ሳስበው ጆሮ ግንዴ ይግላል።

እትዬ እንላቸዋለን። በፊታቸው ሁልጊዜ «እርስዎ» ነው የምላቸው፤ ተናድጄም ቢሆን «አንቺ» ብያቸው አላውቅም። እዚህም «አሉ» እያልኩ እጽፋለሁ። ያደረግሁባቸውን ሁሉ ያደረግሁት አክብሮቴን ሳላጎድል ነውና።

የምንኖርበት ግቢ ከጁገል ግንብ ውጭ፣ ከሸዋ በር ብዙ ሳይርቅ ነው። ቅድመ አያታቸው ከሸዋ ጦር ጋር መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው፤ እትዬ ይህንን ትናንት የሆነ ነገር አስመስለው ነው የሚያወሩት። እናታቸው ሲሞቱ ባሌ ገና ልጅ ነበር፤ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እሱን ሲያሳድጉ ሳያገቡ ቀሩ። ለእሱ የምትሆነውን ልጅ ደግሞ ከሚያውቁት ቤት መርጠው ጨርሰው ነበር። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ እኔ ከጎጃም የአማርኛ መምህርት ሆኜ ተመድቤ መጣሁና ወንድማቸውን አገባሁ። ከሠርጉ ቀን ጀምሮ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «መምህርቷ» ነው የሚሉኝ። «መምህርቷ ተነሥታለች? መምህርቷ በልታለች?» አጠገባቸው ተቀምጬ።

ስፀንስ ሐኪሙ መንታ መሆናቸውን ነገረን። ባሌ ከሥራ ሲመለስ እጁን ሆዴ ላይ አድርጎ «ጓዶች፣ እንዴት ዋላችሁ?» ይል ጀመር። ጓዶች ሆነው ቀሩ። «ጓዶች ዛሬ አስቸገሩኝ፣ ጓዶች ሎሚ አማራቸው» እንባባል ነበር። የመጀመሪያ የቤት ስማቸው ይህ ነው፤ ለሁለት የሚሆን አንድ ስም።

ወንዱ ቀድሞ ወጣ፣ ወፈር ያለና ድምፀ ትልቅ ነበር። ሴቷ ተከትላው መጣች፣ መዳፍ የማትሞላ። ሁሉም የፈራው ለእሷ ነበር። የሞተው እሱ ሆነ፤ ሳምንት አልሞላም። ክርስትና ስላልተነሣ ፍትሐት አልተደረገለትም። ወንዶቹ በጠዋት በነጠላ ጠቅልለው ይዘውት ወጡ፣ እኔ ከአልጋ አልወረድኩም። «ጓዶች» የሚለውን ቃል ከዚያ በኋላ ሁለታችንም አላነሣነውም። አንድ ለቀረችው ልጅ ምን እንደምንላት ግን አናውቅም ነበር፤ ለጥቂት ቀን «ልጅቷ» ብቻ እንላት ነበር።

አራስ ጥየቃ የሚመጡት ሴቶች በሩ ላይ ሲደርሱ ይደናገሩ ነበር። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ልበላት ወይስ «እግዜር ያጥናሽ»? አንዳንዷ ሁለቱንም አከታትላ ትላለች። በዚያው ሰሞን አንድ ከሰዓት ቤቱ ሞልቷል። እትዬ ሳፋውን መሐል አድርገው ልጅቷን እያጠቡ ነው። አራስ ልጅ ማጠብ የእሳቸው ሥራ ነበር፤ ይችሉበታልም። ከእንግዶቹ አንዷ ጎንበስ ብላ፣

«ማን አላችኋት?» አለች።

እትዬ ቀና አላሉም። የልጅቷን ጀርባ በለዘብታ እያሹ፣ «ምን ስም አላት?» አሉ። «እግዜር ዋናውን ወስዶ ትራፊውን ተወልን። እኔ ትራፊ ነው የምላት።»

ትራፊ ማለት ሌላው በልቶ ሲነሣ ሰሃን ላይ የሚቀር ነው። ለውሻ የሚደፋ ነው።

«ኧረ እትዬ፣ አይባልም!» አለች ጎረቤታችን። እዚያው ግቢያችን አጠገብ የምትኖር፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ናት። ሌላ አሮጊት ግን ወዲያው ነገሩን አለሰለሱት። «ተይ፣ ደግ አደረገች። ልጅ ለሞተባት ክፉ ስም ነው የሚያሳድግላት። ሞት ሲመጣ 'ይቺማ ትራፊ ናት' ብሎ ንቆ እንዲያልፋት ነው።»

እትዬም ያን ያዙ። «እሱን ብዬ ነው እንጂ!» አሉ።

ልማዱን አውቀዋለሁ፤ በእኛም አገር አለ። ልጅ የሚሞትባት እናት የሚቀጥለውን ቆሻሻ ትለዋለች፣ አመድ ትለዋለች፣ ጣልኩት ትለዋለች። ስሙ ከዓይን የሚከልል ጭቃ ነው። ግን ልማዱ ወግ አለው። ስሙን የምታወጣው እናትየዋ ናት፣ ወይም እናትየዋ የለመነቻት ሴት ናት። ሲጠራም ድምፅ ዝቅ ተደርጎ፣ «ዬ» ተጨምሮበት፣ ልጁ ብብት ውስጥ ተይዞ ነው፤ አመድዬ፣ ቆሻሻዬ። ስሙ ይሰድባል፣ ድምፁ ይስማል። እትዬ «ዬ» አልጨመሩም። ሳፋው ላይ እንዳጎነበሱ ዓይናቸውን ወደ እኔ ሰርቀው አይተው ነበር። ያን አየሁ፤ ሌላ ማስረጃ አልፈለግሁም።

ማታ ለባሌ ነገርኩት።

«ለክፉ ብለው አይደለም» አለኝ። «ከዓይን እንድትድን ነው።»

«እኔ ሳልጠየቅ?»

«ትልቅ ሰው ናቸው። ተያቸው፣ ይረሱታል።»

አልረሱትም። እኔም አልረሳሁትም። ያኔ በልቤ ያልኩትን አስታውሳለሁ፤ ይቺ ሴት ይህን ስም እንድትውጠው አደርጋለሁ። በልቤ ውስጥ አንቱታውን ትቼ ነበር፤ እሱን አምናለሁ።

መጀመሪያ የሞከርኩት የማይሠራውን ነው። ጣፋጭ ስም አመጣሁ። «ማሬ» አልኳት፣ «እንቁዬ» አልኳት፣ «የኔ ጨረቃ» አልኳት። አልያዘም። እንግዶቹ ሲመጡ እኔ «ማሬ» እላለሁ፣ እነሱ «ትራፊስ እንዴት ናት?» ይላሉ። ቆይቶ ነው የገባኝ። ማሬ የሚባል ልጅ በየቤቱ አለ፤ ማንም ለምን ማሬ ተባለች ብሎ አይጠይቅም። ትራፊ ግን ታሪክ አለው፤ አንዷ ለሌላዋ ስትነግር ወንዱን ልጅ ታነሣለች፣ እትዬን ታነሣለች፣ ከንፈሯን ትመጥጣለች። ስም ከነታሪኩ ከተወራ በአፍ ይሄዳል።

ወተት የምታመጣልን ከሶፊ ገጠር የምትመጣ የኦሮሞ ሴት ነበረች። እሷ ደግሞ የራሷን ስም ይዛ መጣች። የመጀመሪያ ቀን ልጅቷን አይታ «ጢኖ! ማሻአላህ!» አለች፤ ጢኖ ማለት ትንሿ ማለት ነው። ከዚያ ጀምሮ ማሰሮዋን ሳታወርድ «ጢኖን አሳዩኝ» ነው። ደስ ይለኝ ነበር፤ ስሙን ሰፋ አድርጌ ቤት ላስገባው ብዬም ሞክሬያለሁ። ግን ጢኖ የጠዋት ስም ሆኖ ቀረ። የምትጠራት ሴት ጠዋት መጥታ ጠዋት ትሄዳለች፤ ስሙም አብሯት ወጥቶ ይሄዳል። ልጅ ላይ የሚጣበቀው ስም የሚያጥባት፣ የሚያበላት፣ የሚያስተኛት ሰው የሚጠራው ነው። ውሃው ሞቅ ብሎ፣ እጅ ጀርባዋ ላይ ሆኖ፣ ፊት ለፊት እየታየች የምትሰማው ድምፅ ነው የሚቀረው። ያ ድምፅ ደግሞ የእትዬ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ሳፋውን ነጠቅኋቸው።

«ከዛሬ ጀምሮ እኔ አጥባታለሁ» አልኳቸው።

«አራስ ነሽ፣ ወገብሽ ገና ነው።»

«ድኛለሁ እትዬ፣ እርስዎ ብዙ ደከሙ። ለትራፊ ይህን ያህል አይደከምም።»

በፈገግታ ነው ያልኩት። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ፤ ያወጡትን ስም መልሼ በእጃቸው ሳስይዛቸው የመጀመሪያዬ ነበር። ሳፋውን ትተው ወጡ።

ከዚያ ደግሞ ስሙን መግደል እንደማልችል ስለገባኝ ላጣምመው ወሰንኩ። ሥራዬ ቃል ነው። ልጆችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ግሥ ሳስረባ ኖሬያለሁ። ትራፊ የመጣው ተረፈ ከሚለው ነው። ተረፈ ማለት ሰሃን ላይ ቀረ ማለት ነው፤ ደግሞ ከሞት ዳነ ማለትም ነው። ከዚያው ሥር ትርፍ ይወጣል፤ ነጋዴው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይዞት የሚገባው። ትርፌ ደግሞ ወግ ያለው የሴት ስም ነው፤ ማንም አይሸማቀቅበትም። ከትራፊ እስከ ትርፌ ያለው መንገድ አጭር ነው፣ ግን በአንድ ቀን ብዘለው እትዬ ይነቁብኛል። ቀስ ብዬ ሄድኩ።

መጀመሪያ እሳቸው የነፈጓትን «ዬ» ጨመርኩ። «ትራፍዬ» እላት ጀመር፤ እያጠብኩ፣ እያጠባሁ፣ እያስተኛሁ። እትዬ ሲሰሙ ያሸነፉ መሰላቸው። «አየሽ፣ መምህርቷም ወደደችው» አሉ ለጎረቤታችን። ሰዎችም ከእኔ ቀበል አድርገው ትራፍዬ አሉ። ትንሽ ቆይቼ «ራ»ን አሳጠርኳት፤ ትራፍዬ ትርፍዬ ሆነ። አንድም ሰው ልብ አላለም፤ በፍጥነት ሲጠራ ልዩነቱ አይሰማም። ባሌ እንኳን ሳያውቀው ገባበት፤ እሱ ወንድ ነውና ጠንከር አድርጎ «ትርፍሻ» ይላት ጀመር። የጎረቤታችን ልጆች በመስኮት ሥር «ትርፍዬ ወጣች?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ክርስትናዋ ሲደርስ በግቢው ውስጥ ትራፊ የሚላት አንድ ሰው ብቻ ቀረ።

ለሴት ልጅ ክርስትና በሰማንያ ቀኗ ነው። እትዬ ክርስትና እናት እሆናለሁ ብለው አስበው ነበር፤ ነጠላቸውን አጥበው፣ ለዘመድ ሁሉ ነግረው። እኔ ለጎረቤታችን ነግሬያለሁ፤ ያቺን «አይባልም» ያለችውን። እትዬ ይህን የሰሙት በዋዜማው ነው። በሩን ሳያንኳኩ ገቡ።

«ማነው ልጅቷን የሚያነሣት?»

ነገርኳቸው።

«እኔ እያለሁ? የአባቷ እህት?»

ልጅቷን ጡት ላይ እንዳደረግኋት ቀና ብዬ አየኋቸው። «እትዬ፣ ትራፊ ለሆነች ልጅ እርስዎን ያህል ሰው ማስቸገር አይገባም ብዬ ነው።»

ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን መጡ፣ ግን ወደ ኋላ ቆመው ነበር፤ ልጅቷን ከካህኑ እጅ የተቀበለቻት ጎረቤታችን ናት። ሲመለሱ ማንንም ሳያናግሩ ገቡ። ባሌ ለሳምንት ኮስተር ብሎኝ ሰነበተ። እኔ እንቅልፌ ጣፋጭ ነበር።

እሳቸውም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ቤት ውስጥ የተሸነፉትን ስም ወደ ውጭ ይዘውት ወጡ። ማኅበር ላይ ልጅቷን ከእጄ ተቀብለው፣ «የወንድሜ ትራፊ ይቺ ናት» ብለው ያስተዋውቃሉ። ለባለሱቁ፣ ለዘመድ፣ ሰንበቴ ላይ ላገኙት ሁሉ። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ አንገቱን ይደፋል። በመንገድ ላይ የማላውቃት ሴት አስቁማኝ «ትራፊ የምትባለዋ ይቺ ናት?» ብላኝ ታውቃለች። ያን ቀን ከጊደር መጋላ ገበያ ልገዛ የወጣሁትን ሳልገዛ ተመልሻለሁ።

የልጅቷ ጆሮ መከፈት ሲጀምር፣ ሰው ሲጠራት ዞር ማለት ስትጀምር፣ የመጨረሻውን ነገር አሰብኩ። ልጅ ስሙን የሚያውቀው ሲጠራ አንድ ነገር ስለሚከተለው ነው፤ ዞር ሲል ፊት ያያል፣ ይነሣል፣ ይበላል፣ ይሳማል። ምንም የማይከተለው ድምፅ ስም አይሆንም። እትዬ «ትራፊ!» ሲሉ ልጅቷ ዞር ከማለቷ በፊት እኔ ቁልፍ አንቀጫቅጫለሁ፣ ጣቷን ይዤ እዘፍንላታለሁ፣ ወደ መስኮት አዞራታለሁ። አልተቆጣኋትም፣ «ለዚህ ስም አትዙሪ» ብያትም አላውቅም። ዝም ብዬ ያ ቃል ከባጃጅ ጥሩምባና ከአህያ ጩኸት ጋር እንዲመደብ አደረግሁ። ትርፍዬ በዚያን ጊዜ ትርፌ ሆኗል፤ «ትርፌ» ሲባል ግን ከየትም ሆና ትዞራለች፤ በዚያ ስም ሁልጊዜ እጅ ይዘረጋላታል።

አፏን ስትፈታ ደግሞ በስሟ ላይ የራሷን እጅ ጨመረች። «ር» አልወጣላት አለ። «ማነሽ?» ሲሏት ደረቷን መታ አድርጋ «ቲፌ» ትላለች። ቲፌ ትንሽ ቆይቶ «ፌፌ» ሆነ፤ ልጆች የቀለላቸውን ድምፅ መድገም ይወዳሉ። ባሌ ከትርፍሻ ወደ ፌፌ ዞረ፣ የጎረቤት ልጆችም ዞሩ። እኔ ለጊዜው ትርፌን አልለቅም አልኩ፤ ጉዳይ ነበረኝ።

ጉዳዬ የደረሰው በበርበሬው ቀን ነው። ልጅቷ ያኔ መሮጥ የምትችል፣ የተላከችውን የምታመጣ ሆናለች። የእትዬ ዓይን ሞራ ሸፍኖታል፤ ጉልበታቸውም ታሟል፣ ካለ ምርኩዝ አይነሡም። ለዓመት የሚሆናቸውን በርበሬ አስገዝተው፣ ራሳቸው ቀንጥሰው፣ ግቢው መሐል በሸራ ላይ አስጥተውት በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። በርበሬያቸው በሰፈሩ የታወቀ ነው፤ ማንንም አያስነኩም። ከሰዓት ላይ ሰማዩ ድንገት ጠቆረ። ነፋስ መጣ፣ ከዚያ ትልልቅ ጠብታ ጀመረ።

«ትራፊ!» ሲሉ ሰማሁ። «ትራፊ! ነይ ሸራውን ጠቅልይልኝ!»

ልጅቷ ከእኔ ጋር መስኮቱ አጠገብ ናት። ወለሉ ላይ ቆርኪ ትደረድራለች። ቀና እንኳን አላለችም። ጮክ አሉ። «ትራፊ! ኧረ ትራፊ!» ቆርኪዋን ትደረድራለች። እሷ እኮ አልተጠራችም።

እኔ ግን ሰምቻለሁ። መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ቆምኩ። ምርኩዛቸው ወድቆባቸው በእጃቸው ሲዳብሱ አየኋቸው። ቀዩ በርበሬ ላይ ዝናቡ ነጠብጣብ ሲጥል አየሁ። መውጣት እችል ነበር፤ አልወጣሁም። ያ የደስታ ዓይነት እስከ ዛሬ ስም አላገኘሁለትም።

እትዬ ፊታቸውን ወደ እኛ መስኮት አዞሩ፤ አይተውኝ ይሁን አይሁን አላውቅም። ከዚያ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው እንደሚያወጡት ሁሉ፣

«ትርፌ» አሉ።

ልጅቷ ቀና አለች። «አቤት!» ብላ ልትሮጥ ስትል ትከሻዋን ያዝኳት። መስኮቱን ከፈትኩ።

«እትዬ፣ ዝናቡ ነው መሰለኝ፣ አልሰማችም። ይድገሙላት።»

አዩኝ። ያ ሞራ የሸፈነው ዓይን እንዲያ ሊያይ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ዝናቡ እየበረታ ነው።

«ትርፌ» አሉ፣ ጮክ ብለው። ከዚያ ቆም አሉና፣ «ትርፌ፣ ነይልኝ እናቴ።»

ለቀቅኋት። ሮጠች። ሸራውን በአንድ ጎን እሷ፣ በሌላው ጎን እኔ ይዘን ጠቀለልነው፤ ግማሹ ቀድሞ ርሶ ነበር። ሻግቶ ተጣለ።

ማታ ባሌ ነገሩን ከእትዬ ሰምቶ መጣ። «አሁን በቃሽ?» አለኝ።

«አልበቃኝም» አልኩት።

እውነቴን ነበር። እትዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ትራፊ» ብለው አልጠሩም፤ ማኅበር ላይም «ትርፌ» ይሉ ጀመር። እኔም ጉዳዬ አለቀና በዚያው ሳምንት ትርፌን ተውኩና ከሌሎቹ ጋር «ፌፌ» አልኩ። ቤቱ ሁሉ ፌፌ ሆነ፤ እሳቸው ብቻቸውን ትርፌ ላይ ቀሩ። መዋዕለ ሕፃናት ስትገባ መምህሯ በትምህርት ቤት ስሟ ስትጠራት ልጅቷ ዝም አለች አሉን፤ ያ ስም የማን እንደሆነ አታውቅም ነበር፣ እኔ በዚያ ስም የምጠራት ስቆጣት ብቻ ነበርና። ተመልሳ ስትመጣ ጓደኞቿ ደግሞ «ፌፊ» ብለው አሹለውት ነበር። እትዬ ሁልጊዜ አንድ ስም ወደ ኋላ ናቸው። ቤተኛ ሰው የሚታወቀው በዚህ ነው፤ የልጁ ስም ዛሬ የት እንደደረሰ በማወቅ። እኔ አልነገርኳቸውም። «ትርፌ» ሲሉ ልጅቷ ትመጣላቸዋለች፣ ግን እንደ እንግዳ ነበር የምትመጣው።

የነገረቻቸው ራሷ ናት። አንድ ቀን ምርኩዛቸውን እያቀበለቻቸው፣ «እትዬ፣ ትርፌ እኮ የሕፃንነቴ ነው፣ አሁን ፌፊ ነኝ» ስትላቸው ሰማሁ።

«ፌፊ» አሉ እሳቸው ቀስ ብለው፣ እንደ ተማሪ። «ፌፊዬ።»

ድስቱን ይዤ ቆሜ ነበር። ምድጃው ላይ አስቀመጥኩት፤ ትንሽ ጮክ አድርጌ።

ዘንድሮ ወንድ ልጅ ወለድኩ። ደንደን ያለ ጤነኛ ልጅ ነው። ስም ያወጣችለት ፌፊ ናት፤ ለታናሹ የቤት ስም የሚያወጣ ብዙ ጊዜ ታላቅ ልጅ ነው። ሁለት እጁን ጨብጦ ስለሚተኛ «ቡጢ» አለችው። ወደድኩት። እትዬ ምርኩዛቸውን እየተመረኮዙ የመኝታ ቤቱ በር ላይ መጥተው ቆሙ፤ አልገቡም፤ ግቡ ስላላልኳቸው።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉ። «ምን ትሉታላችሁ?»

«ገና ነው እትዬ። ስም አላወጣንለትም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ውሸቴን እንዳወቁ አውቃለሁ። ግን አልጠየቁም፣ እኔ ልጠበውም አላሉም። ቆመው ቆመው ተመለሱ። ፌፊ ተከትላቸው ወጣች። ከበረንዳው የመንሾካሾክ ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎም የእትዬ ሳቅ፤ ስንት ዓመት ያልሰማሁት ሳቅ። «ቡጢዬ! አዬ የኔ ቡጢ!» አሉ። «ዬ»ውን ሳይነፍጉ።

ፌፊ ስትመለስ፣ «ለምን ነገርሻቸው?» አልኳት።

«ጠየቁኝ።»

«ከዛሬ ጀምሮ ቡጢ አይባልም። ሙሽዬ ነው የሚባለው።»

ልጄ በአባቷ ዓይን አየችኝ። «እማዬ፣ ስሙ እኮ ቡጢ ነው» አለች። «ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ።»

ባሌ ለራሱ ፈገግ አለና ወጣ። አሁን ቤታችን ውስጥ ልጁ ሁለት ስም አለው። ሦስቱ ቡጢ ይሉታል፣ እኔ ሙሽዬ እለዋለሁ። ገና ሕፃን ነው፤ ለማንኛውም ድምፅ ዞር ይላል፤ የትኛው እንደሚይዘው አይታወቅም። እትዬ ዓይናቸውን እንዲታከሙ ባሌ ቀጠሮ አስይዞላቸዋል። ሲድኑ ልጁን ልቀፍ ይላሉ። እስካሁን አሳቅፌያቸው አላውቅም፣ ወደፊትም የማሳቅፋቸው አይመስለኝም።